የምሥራቁ ግድግዳ መጋረጃ

ጂዳ ዝናብ የማታውቅ ከተማ ናትና፣ ዝናቡ በመጣባት ጊዜ የምታስቀምጥበት ስፍራ የላትም። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ፣ በዕለተ ዓርብ የወረደው ውኃ ከከፍታው ሁሉ እየተንደረደረ ወደ ዝቅተኛው ሠፈር ወደ ጉለይል ወረደና መውጫ ቢያጣ በድሆች ደጅ ቆመ። በሸኽ አብዱረሺድ ፎቅ ምድር ቤትም በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ፤ ከጉልበት ወደ ወገብ ከፍ አለ፤ መምጠጫ መኪና እስኪመጣ ድረስም እንደ ባለቤት ተቀመጠ።

በዚያ ምድር ቤት የሚኖረው ሀብተወልድ የሚባል የደላንታ ሰው ነው። በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማ ቀጽሎ፣ ቅኔ ቤት ደጃፍ ላይ እንደ ደረሰ የአስኳላው ትምህርት ወሰደው፤ ኋላም በአሰብ ወደብ በአንድ የመርከብ ወኪል ቢሮ የእንግሊዝኛ ጸሐፊ ሆነ። ታናሽ ወንድሙ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ተወስዶ ሳይመለስ ሲቀር፣ የእርሱም ስም በቀበሌው መዝገብ መስፈሩን ወዳጅ ነገረውና ባሕሩን ተሻገረ። የመጣበት መንገድ ከኋላው ተዘግቷል። በጂዳ የሚያቆመው አንድ ወረቀት፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማው፣ ብቻ ነው፤ እርሱም የተጻፈው በሸኽ አብዱረሺድ ዋስትና፣ የዚያው ፎቅ ዘበኛና ጸሐፊ ተብሎ ነው።

ሸኽ አብዱረሺድ አባታቸው ከወረባቦ ለሐጅ መጥተው መካ የቀሩ፣ እርሳቸውም እዚያው ተወልደው የአገሩን ዜግነት የያዙ ሽማግሌ ናቸው። መኖሪያቸው መካ ዓዚዚያ ሲሆን፣ የጉለይሉ ፎቅ ከአባታቸው የወረሱት ነው። መድንን «የአላህን ውሳኔ በወረቀት ማስያዝ» እያሉ ሲሸሹት ኖረው ነበር። ይሁን እንጂ የላይኞቹን ፎቆች ለሠራተኞቹ ማደሪያ የተከራየው የሥራ ተቋራጭ ድርጅት፣ ሕንፃው ከእሳትና ከጎርፍ መድን ካልተገባለት አልፈርምም ስላላቸው እያጉረመረሙ ገቡ። አሁን ደግሞ ያው ድርጅት፣ የመብራቱ ሰሌዳና የውኃው ፓምፕ በምድር ቤቱ ጎርፍ ስለ ጠፉ፣ በወሩ መጨረሻ ካልታደሱ እለቃለሁ ብሏል። ሸኹ ያላቸውን ሁሉ በመካ ለሐጃጅ ማደሪያ በጀመሩት ግንብ ላይ አፍስሰዋል። ስለዚህ ካሳው ካልመጣ ድርጅቱ ይለቃል፤ ድርጅቱ ከለቀቀ ፎቁ ይሸጣል፤ ፎቁ ከተሸጠ ለሀብተወልድ የሚጠብቀው ቤትም፣ የሚያቆመው ወረቀትም አይኖርም።

የምድር ቤቱ ኪራይ በእርሱ ስም ቢሆንም ብቻውን አይኖርበትም። ግዛው የሚባል ግንበኛ አብሮት ያድራል፤ የግዛው ሚስት ጠጄ ደግሞ በሳፋ ሠፈር በማዳሟ ቤት ሰንብታ ዓርብ ዓርብ ትመጣለች። ጠጄ በፓስፖርቷ መሪማ ናት። ደላላው ለክርስቲያን ሴት ቪዛ አይገኝም ብሎ በሌላ ስም አሻግሯታል፤ ባሏ ግን በገዛ ስሙ፣ በገዛ ሃይማኖቱ የተመዘገበ ነው። ባልና ሚስት መሆናቸው ከታወቀ በዚያ አገር ሕግ የሚጠብቃቸውን ማሰብ እንኳ አይወዱም። ዓርብ ሲሆን ጥቂት ምእመናን ከያሉበት እየተጠራቀሙ በምሥራቁ ክፍል ይጸልያሉ። በዚያ ክፍል ግድግዳ የሸኹ አባት ከአቧራ ለመዳን ብለው በቀድሞ ዘመን ያስደፈኑት መስኮት አለ፤ በጎድጓዳው ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅለው፣ እንደ ሥርዓቱም መጋረጃ ጋርደውላት ነበር።

ውኃው የገባ ዕለት ጠጄ በጭቃ እጇ ሥዕሏን አንሥታ፣ በነጠላ ጠቅልላ ወደ ላይኛው ደረጃ ሮጠች። በማግስቱ የሸኹ የወንድም ልጅ ሐሩን ካሜራውን ይዞ ከመካ ሊመጣ ነው በተባለ ጊዜም መስቀሉን፣ ድርሳኑን፣ የበዓላቱን የቀን መቁጠሪያ አንድ ሳያስቀሩ አወጡ። መጋረጃዋ ግን ቀረች። በጎርፉ ምክንያት ወደ ማዳሟ ሳትመለስ ያደረችው ጠጄ አውልቃ ልትወስዳት እጇን ሰንዝራ፣ መልሳ ስባ ዘጋቻት፤ «ሥዕል የነበረበት ቦታ ራቁቱን አይታይም» ብላ። ሀብተወልድም ይህን ሰምቶ «መልካም ብለሻል» አላት። ሐሩን የመጣው ግድግዳ በፎቶ ሊያነሣ እንጂ ጨርቅ ሊመረምር አልነበረምና አነሣው፤ ሄደ።

ውኃው በወጣ በሦስተኛው ቀን ሀብተወልድ በጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጦ ደብዳቤውን በሸኹ ስም አዘጋጀ። የውሉን ቁጥር፣ የአደጋውን ዕለት፣ የቤቱን አድራሻና የተከራዩን ስም ከጻፈ በኋላ፣ የሚጠየቀው ካሳ ለግድግዳው ልስን፣ ለወለሉ፣ ለበሮቹ፣ ለመብራት ሰሌዳውና ለፓምፑ ብቻ እንደሆነ፣ የተከራዩ የግል ዕቃ ግን በውሉ ስለማይሸፈን እንዳልተካተተ አስረዳ። የሁለት ጠጋኞችን የዋጋ ግምትና የኪራዩን ውል ግልባጭ አባሪ አደረገ። በመጨረሻም እንዲህ ሲል አሰፈረ፤

«የፎቶግራፍ ማስረጃዎች ዝርዝር፤
፩. የሕንፃው ፊት ከመንገዱ ማዶ፤ ውኃው የመግቢያውን ደረጃ እንደ ሸፈነ።
፪. የመግቢያው በር ከውስጥ፤ የእንጨቱ ማበጥና የውኃው ከፍታ ምልክት፣ ሜትር ተደግፎበት።
፫. የመብራት ሰሌዳውና የውኃው ፓምፕ፤ ጭቃ እንደ ሞላቸው።
፬. የምሥራቁ ክፍል ግድግዳ፤ ልስኑ እንደ ተላቀቀ፣ ከክፍሉ በር ሆኖ የተነሣ።
፭. የዚያው ክፍል ወለል፤ ንጣፉ እንደ ተገነጠለ።
፮. የዕለቱ ጋዜጣ በውኃው ምልክት አጠገብ ተይዞ፤ ቀኑን ለማስረዳት።
የመጀመሪያው የመንገዱ ውኃ ሳይጎድል፣ የቀሩት የቤቱ ውኃ በተመጠጠ ማግስት የተነሡ ናቸው። ኔጋቲቮቹ በባለንብረቱ እጅ ይገኛሉ።»

ሐሩን ደብዳቤውን መካ ወስዶ አስፈረመና ለመድን ድርጅቱ ወኪል ቢሮ አስገባ። ቢሮውም ጉዳት ገማች በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሚልክ፣ እስከዚያም ለጥንቃቄ ካልሆነ በቀር ምንም እንዳይጠገን አስታወቀ። ሀብተወልድ ይህን የመጨረሻ ቃል ለግዛው ሳይነግር ሦስተኛ የዋጋ ግምት ለማስጻፍ ከሐሩን ጋር ሁለት ቀን ወጣ ብሎ ሰነበተ፤ ግንበኛ ያለ ክፍያ ግድግዳ የሚነካ አልመሰለውም።

ተመልሶ በሩን ሲከፍት የገዛ ቤቱን አላወቀውም። ግድግዳው ኖራ ለብሶ እንደ ጥምቀት ሸማ ነጥቷል። ወለሉ ታጥቧል። የውኃው ምልክት የሚባል ነገር የለም።

«የኔታ፣ እንኳን ደህና መጡ!» አለች ጠጄ፤ እንደ ደብተራ ስለሚያነብብ እንዲህ ትጠራዋለች። «ማዳሟን በሽታ አስመስዬ አንድ ቀን ለምኜ መጣሁ። እንግዳ የሚገባበት ቤት እንዲያ ሆኖ ይቆይ?»

«ከውጭም ለስኜዋለሁ» አለ ግዛው፣ ሲሚንቶ የጠጣ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «ያ የተደፈነው መስኮት ብሎኬቱ በውኃው ተነቃንቆ ነበር። አውጥቼ በአዲስ ሲሚንቶ መልሼ ገነባሁት። አሁን ከወንድሙ ግድግዳ አይለይም።»

ሀብተወልድ «ማን አዘዘህ?» አለው።

«ደግሞ ለዚህ ትእዛዝ! ሸኹ ከፍለው የሚያሠሩትን በነፃ ሠራሁላቸው እንጂ ሰረቅኋቸው?»

«ግዛው፣ የሚመጣው ሰው ፍርስራሹን ሊያይ ነበር።»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ግዛው፣ «ታዲያ ፍርስራሽ አይቶ የሚከፍል እንግዳ ከየት ተወለደ?» አለ። ጠጄ ግን ነገሩ ገብቷት ነበርና ነጭ ግድግዳው ላይ እጇን አሳርፋ ቀረች።

ቅዳሜ ዕለት የመጣው ገማች ሐሰን የሚባል ሱዳናዊ ነው፤ ረጅም፣ ለስላሳ አንደበት ያለው፣ ለመቆጣት የማይቸኩል ሰው። ግድግዳውን አየና ሣቀ።

«ያ ሐቢቢ፣ የጎርፍ ቤት ብላችሁ የሙሽራ ቤት አሳያችሁኝ» አለ በዐረብኛ።

ሀብተወልድ ያለ ዕውቀት የተደረገ መሆኑን አስረዳ። ሐሰንም ራሱን ነቀነቀ፤ የዚህ ዓይነት ነገር እንደሚያጋጥመው፣ ፎቶግራፎቹ ጥሩ ስለሆኑ ብዙም እንደማይጎዳ ተናገረ። ተራ በተራም ከዝርዝሩ ጋር እያስተያየ ገለጣቸው፤ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አለፈ። አራተኛው ላይ ቆመ። ፎቶግራፉን ይዞ ወደ ምሥራቁ ክፍል ገባ፤ ከበሩ ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ ወረቀቱን፣ አንድ ጊዜ ግድግዳውን አየ።

«ይህ መጋረጃ ነው» አለ።

«ነው» አለ ሀብተወልድ።

«በላዩ የጭቃ ውኃ ወርዶበታል። እነዚህ መስመሮች።» በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየው፤ የጠጄ እጅ ያንጠባጠበው ነበር። «መጋረጃ የሚሰቀለው መስኮት ላይ ነው። አሁን ግን መስኮት አይታየኝም።»

«መስኮቱ ከብዙ ዘመን በፊት የተደፈነ ነው።»

ሐሰን ቀርቦ ግድግዳውን በጣቱ ቆረቆረው። እርጥብ ኖራ ጥፍሩ ውስጥ ገባ። «ይህ የብዙ ዘመን ነው?»

ሀብተወልድ በተቧጨረው ኖራ ሥር የወጣውን አዲስ ሲሚንቶ አየ።

«እይ ወንድሜ» አለ ሐሰን፣ ድምፁን ሳይለውጥ። «ከመሬት ተነሥቶ የገባ ውኃ ጎርፍ ነው፤ እንከፍላለን። ተከፍቶ በቀረ መስኮት የገባ ዝናብ ግን በውላችሁ አይሸፈንም። ሁለቱም ከገቡ ደግሞ የትኛው ምን እንዳበላሸ ማን ይለያል? ውሉ ሲገባ ቤቱን ያየው የለም፤ ማመልከቻችሁ ላይ ያለው የፎቅ ብዛት ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለህ። ግድግዳውን ቀድደን እንየው፤ ወይም ያ መጋረጃ በድፍን ግድግዳ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር ባለንብረቱ በፊርማው ይግለጽልኝ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እጠብቃለሁ።»

ሄደ። ሀብተወልድ በባዶው ክፍል ቆሞ ቀረ። ግድግዳው ቢቀደድ የሚገኘው የመስኮት ቅርጽ ነው፤ በውስጡም የግዛው ትኩስ ሲሚንቶ። ማንም ቢያየው ከጎርፉ በኋላ በችኮላ የተደፈነ ይላል። ግድግዳው ካልተቀደደ ደግሞ ስለ መጋረጃዋ መናገር ነው። «አቤቱ፣ ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ» የሚለውን መዝሙር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲደግመው ኖሯል፤ ውኃው ከጎደለ በኋላ እንደሚደርስ ግን የነገረው መምህር አልነበረም።

ሐሩን ነገሩን በሰማ ጊዜ አልተጨነቀም። መካ ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላው ነጋዴ ነው፤ ችግር ሁሉ ለእርሱ ማዞሪያ ያለው መንገድ ነው።

«ዓሚ ሀብቴ፣ ይሄ ሙሽኪላ ነው እንዴ? ከዚህ ከጉለይል መካ ወዴት ናት?»

«ወደ ምሥራቅ።»

«ኸላስ! ግድግዳው የምንሰግድበት ቂብላ ነው። በላዩ ከቁርኣን የተጻፈ አንድ ሰሌዳ ነበር፤ አቧራ እንዳይነካው መጋረጃ ሰቀልንበት፤ ውኃው ሲመጣ በጭቃ እጃችን አነሣነው። አንድ መስመር ጻፍ። ዓሚ ሸኹ ይፈርማሉ። ሐሰንም ሙስሊም ነው፤ ከቁርኣን በኋላ ምን ሊጠይቅ ነው?»

«ያ ግን አልነበረም።»

«ምን እንደነበረ እኔ አልጠየቅሁህም!» አለ ሐሩን እጁን አንሥቶ። «አትንገረኝም። አንተ ጻፍ፣ እኔ ላስፈርም። ያላ!»

ሀብተወልድ ወረቀቱን በመኪናው ላይ አስገባ። «ከመጋረጃው በስተኋላ የነበረው» ብሎ ጽፎ እጁ ቆመ። ይህን ሁሉ ዘመን በዝምታ ኖሯል፤ ዝምታ ክህደት አይደለም ሲል ራሱን ያጽናና ነበር። አሁን ግን ዝም በል ያለው የለም። በእጁ ጻፍ ተባለ። በእመቤታችን ሥዕል ስፍራ ሌላ ነገር ነበረ ብሎ በፊርማ ለሚጸና ደብዳቤ ቃል ሊያቀብል ነው። «በሰውም ፊት የሚክደኝን» የሚለው ቃል በጆሮው ጮኸ። ወረቀቱን ሳይጨርስ አወጣው። በሌላው ጆሮው ደግሞ የገባው የጠጄ ድምፅ ነበረ፤ ዓርብ ምሽት በሩ አጠገብ ቆማ የተናገረችው።

«የኔታ፣ አልጻፍም አሉ አሉኝ።»

«ልቤ እንቢ አለኝ፣ ልጄ።»

«የእኔ ልብ እሺ ያለው መሰልዎ? ማዳሟ ከጠዋት እስከ ማታ መሪማ ስትለኝ አቤት እላለሁ። ሕልሜ ውስጥ ገብታ መሪማ ብትለኝም አቤት እላለሁ። እኔ ክርስትና ስሜን፣ የተነሣሁበትን ስም ሰጥቻለሁ። እርስዎ አንድ መስመር አይሰጡም?»

«ጠጄ—»

«እኔስ ስለ ራሴ አይደለም» አለች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። «መሳደቤም አይደለም። ግን ከእኛ ከሦስታችን ማን ንጹሕ ሆኖ ይግባ ብለው ነው?»

ግዛው ከውስጥ «ተይው፤ መምህርን አትክሰሺ» አላት። «ጥፋቱ የእኔ የኖራ ጥፋት ነው።»

«ያንተማ ጥፋት በዓይን ይታያል፤ ሲነጋም ያበራል!» አለችውና በዕንባዋ መካከል ሣቀች፤ ሀብተወልድም ሳይወድ ፈገግ አለ። ባልና ሚስቱ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ክፍሉ ጠበበው።  እርስዋ እውነት ተናግራለች፤ እርሱም እውነት ይዟል፤ ሁለቱ እውነቶች ደግሞ በአንድ በር አይወጡም።

በማግስቱ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። አንዱ የሐሩን ቃል ነበረ። ሁለተኛው ደግሞ እንዲህ የሚል፤ «መጋረጃው የእኔ፣ የተከራዩ የሀብተወልድ፣ የግሌ ነው። በስተኋላው እኔ ክርስቲያኑ ብቻዬን የምጸልይበት ሥዕል ነበር። ባለንብረቱም ሌላም ሰው አያውቅም። መስኮቱ በባለንብረቱ አባት ዘመን የተደፈነ ሲሆን፣ ብሎኬቱን ከጎርፉ በኋላ መልሼ ያስገነባሁት እኔ ነኝ።» ብቻዬን የሚለው ቃል ውሸት እንደሆነ ያውቃል፤ እርሱን ግን ለባልንጀሮቹ ብሎ ለንስሐ አቆየው።

ወደ መካ መሄድ አይችልም። ከኬላው ወዲያ ሙስሊም ያልሆነ አያልፍም። ስለዚህ ለሸኹ በስልክ ነገራቸውና ከኬላው ወዲህ ባለው ቤንዚን ማደያ ሊገናኙ ተቀጣጠሩ። ሐሩን በመኪናው ወስዶት ደረሱ። ሀብተወልድ ወርዶ ሲጠብቅ መኪናዎቹ እየተከታተሉ ወደ ኬላው ይገቡ ነበር፤ ሐጅ ባይሆንም ለዑምራ የሚሄዱ ነጭ የለበሱ ሰዎች ነበሩባቸው። በዚያ በኩል መንገድ አለ፤ ለእርሱ አይደለም። ከኋላውም ባሕር አለ፤ በባሕሩ ማዶ አገሩ አለ፤ ያም ለእርሱ አይደለም። ከማደያው ጥላ ውጭ ቆሞ የሚሄድበት አቅጣጫ ቢቆጥር የቀረው የመጣበት ጉለይል ብቻ ሆነ።

ሸኹ ከታክሲ ሲወርዱ በትራቸውን ተመርኩዘዋል። ሰላምታውን ረዘም አድርገው፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ቤቱ ጠይቀው፣ በማደያው አግዳሚ ተቀመጡ። ሁለቱን ወረቀቶች ተቀብለው እንግሊዝኛውን ሀብተወልድ በአማርኛ እየነገራቸው አዳመጡ። የመጀመሪያው እንዳለቀ ወደ ሐሩን ዞሩ።

«ይህ ያንተ ነው?»

«ዓሚ፣ ለቤቱ ብዬ—»

«በቁርኣን ላይ ዋሽቼ ቤቴን ላስለስን? ከዚያ ወዲያ የማን ቤት ሊሆን?» ወረቀቱን አጥፈው ከሥራቸው አኖሩት። «አስተግፊሩላህ። ቀጥል።»

ሁለተኛውን ሲሰሙ ዓይናቸውን ከመንገዱ ላይ አላነሡም። 

«ሀብቴ፣ አባቴ ወረባቦን ለቀው ሲመጡ ትግራይ ላይ ሲታመሙ ያስታመማቸው የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። ስሙን እንኳ አልነገሩኝም፤ ረስተውት ይሆናል። ለአንተ ዋስ የሆንኩት ለእርሱ ብዬ አይደለም፤ ጸሐፊ ስለቸገረኝ ነው። ዓርብ ዓርብ ምድር ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ግን ጠይቄህ አላውቅም። ለምን አልጠየቅሁህም መሰለህ?»

«እንዳያውቁት።»

«እንዳላውቀው። አሁን ይህን ብፈርም አወቅሁ። ካወቅሁ ደግሞ የሚጠይቀኝ ገማቹ ብቻ አይሆንም፤ የመንግሥትም ሰዎች ናቸው። ከአንተ ጋር ማን ነበር? ይሉሃል። ብቻዬን ትላለህ። ያምኑሃል?»

«አያምኑኝም።»

«ወላሂ ምነው ያችን ጨርቅ ብታወርዷት!» አሉ በድንገት፣ በትራቸውን አስፋልቱ ላይ መትተው። «ጎርፍ ያላፈረሰውን ቤት አንድ ክንድ ጨርቅ ታፍርስ? ሥዕሉን አነሣችሁ፣ መስቀሉን አነሣችሁ፤ መጋረጃውን ምን አስቀራችሁ?»

«ክብር ነው ብለን ነው፣ ሸኽ» አለ ሀብተወልድ ዝቅ ብሎ። «ራቁቱን አይታይ ብለን።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩትና ቁጣቸው ቀስ እያለ ሄደ። «እሱስ ገብቶኛል» አሉ። «ችግሩም የገባኝ መሆኑ ነው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩን እንደ ዳኛ በአጭሩ ቆረጡት። የካሳው ጥያቄ ይሠረዝ። ፓምፑንና ሰሌዳውን የሚያሠሩበት ገንዘብ እንደሌላቸው፣ ድርጅቱም እንደሚለቅ ያውቃሉ። ሐሩን ሊከራከር ሲነሣ በእጃቸው አስቀመጡት። ፎቁን እስከ መጪው ሐጅ ሳይሸጡ ሊያቆዩ፣ የሀብተወልድንም ኢቃማ ለአንድ ዓመት ሊያሳድሱ ቃል ገቡ። «ከዚያ በኋላ አላህ ያውቃል» አሉ።

«አንድ ነገር ግን በአንተ ላይ ይሁን» ብለው ጨመሩ። «ግድግዳው ባዶ ይሁን። ሥዕልም፣ ጨርቅም፣ ዓርብ ዓርብ የሚመጣ ሰውም አይኑር። አብረውህ ያሉትም፣ ምንህ እንደሆኑ አልጠይቅህም፣ ሌላ ቤት ይፈልጉ። ይህን በልብህ ቅር እያለህ እሺ በለኝ፤ ግን እሺ በለኝ።»

ሀብተወልድ ወደ ኬላው አየ። «እሺ» አለ።

የመሠረዣውን ደብዳቤ እንደ መጀመሪያው አድርጎ፣ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የዝርዝሩንም ማጣቀሻ ሳይስት በዚያው ምሽት ጻፈ፤ ሐሩን አስፈርሞ መለሰው። ለሐሰን ሊያደርስ የሄደ ግን እርሱ ራሱ ነበር።

ሐሰን ወረቀቱን አንብቦ ተራ ነገር እንዳላገኘ ሰው ወንበሩ ላይ ተደገፈ።

«ለምን?»

«ባለንብረቱ ጥያቄያቸውን ሠርዘዋል።»

«ይህንንማ አነበብኩ። እኔ ልከፍላችሁ ተዘጋጅቼ ነበር እኮ። አንድ መስመር ብቻ ነው የጠየቅሁት።» ፋይሉን ከፍቶ አራተኛውን ፎቶግራፍ እንደገና አየው። «በሥራዬ የተማርኩት ነገር አለ፤ ተገቢ ጥያቄውን የሚሠርዝ ሰው ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ፈርቷል። አንተ የትኛው ነህ?»

ሀብተወልድ ብዙ መልስ ሊመርጥ ይችል ነበር። ሽማግሌው ተቸግረው ነው ሊል፣ ጥገናው ቀላል ሆኖ ተገኘ ሊል ይችል ነበር። ግን ከሰሞኑ ሁሉ ሳይጎድል በአፉ ሊወጣ የሚችል አንድ እውነት ይህ ብቻ እንደ ቀረው ተሰማው።

«ፈርቻለሁ» አለ።

ሐሰን ፋይሉን ዘጋ። ምን እንደ ገባው በፊቱ አልታየም። ማኅተሙን አንሥቶ ደብዳቤው ላይ መታ።

«ፎቶግራፎቹን መልሰህ ልትሰጠኝ ትችላለህ?» አለ ሀብተወልድ።

«ፋይል ውስጥ የገባ ወረቀት አይወጣም፣ ወንድሜ። ሕጉ ነው።» ከዚያም ድምፁን ለሰስ አድርጎ፣ «ማንም አይከፍተውም» አለ። መጽናኛ ይሁን ማስጠንቀቂያ ሀብተወልድ ለይቶ ሳያውቀው ወጣ።

በወሩ መጨረሻ የተቋራጩ ሠራተኞች ፍራሻቸውንና ድስታቸውን በጭነት መኪና ጭነው ሄዱ። ግዛው በሌላ ሠፈር ከግንበኞች ጋር ተጠጋ፤ ጠጄ ሥዕሏን በልብሶቿ መካከል አድርጋ ወደ ሳፋ ወሰደች፤ የት እንደምታኖራት አልጠየቃትም፤ እርስዋም አልነገረችውም። ስትወጣ እጁን ስማ «የኔታ፣ ይፍቱኝ» አለችው፤ እርሱም ካህን ባይሆንም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አላት።

በሚቀጥለው ዓርብ ሀብተወልድ ዳዊቱን ይዞ በምሥራቁ ክፍል ቆመ። ነጩ ግድግዳ ደርቋል፤ የመስኮቱም ጎድጓዳ አሁን አይለይም። እንደ ልማዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ፍካሬ ዘጻድቃን ወዘኃጥኣን» ብሎ ሊጀምር አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ነው የገባው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ዜማቸውን የሸፈነላቸው የላይኞቹ ሠራተኞች ሬዲዮና ጠብ፣ የደረጃው ኮቴ፣ የፓምፑም ጩኸት ነበረ። አሁን ፎቁ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። በምድር ቤቱ የሚነገር ነገር ሁሉ በደረጃው ወጥቶ፣ በመስኮቶቹ አልፎ መንገዱ ላይ ይወርዳል።

አፉን ዘጋ። መጽሐፉን ገለጠና በከንፈሩ ብቻ ማንበብ ጀመረ።